አንድ ናፍቆት በአራት አጻጻፍ

ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ወዳጄ ጀርመናዊ ባል አላት። ሰውየው አማርኛ አይናገርም፤ ፊደልም አልቆጠረም። ሚስቱ የምትልክለትን የፍቅር ቃል ግን አንዱንም ሳያስቀር በትንሽ ደብተር ላይ ይገለብጣል። ቤታቸው በእንግድነት በሰነበትኩበት ጊዜ ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። በግራ በኩል ቃሉ በላቲን ፊደል፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ በጀርመንኛ ሰፍሯል። ከገጾቹ በአንዱ ላይ አራት ቃላት ተራ በተራ ተደርድረው አየሁ፦ nafkehegnal፣ nafkehignal፣ nafqehenyal፣ nafikehegnal። ለመጀመሪያው «ናፍቀኸኛል» የሚል ፍቺ ሰጥቶታል። ለሁለተኛው «በጣም ናፍቀኸኛል»። ሦስተኛው የደረሰው ከመሸ በኋላ ስለነበር «ማታ ማታ የሚባል» ብሎ ጽፏል። ከአራተኛው ፊት ለፊት ያለው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ሚስቱ ገጹን አይታ በሳቅ ፈነዳች። አራቱም አንድ ቃል ናቸው፤ አራቱንም የጻፈችው እሷ ናት። «እንደመጣልኝ ነው እኮ የምጽፈው» አለችኝ ሳቋ ሲበርድላት።

ሁላችንም እንደመጣልን ነው የምንጽፈው። አማርኛ ተናጋሪዎች እርስ በርሳችን በላቲን ፊደል ስንጻጻፍ ይህ ምንም አያስቸግርም፤ ቃሉን ቀድመን ስለምናውቀው ዓይናችን ጥቂት ፍንጭ ካገኘ ይበቃዋል። dehna neh ተብሎ ቢላክልን፣ dena nek ተብሎ ቢላክልን፣ የምናነበው ፊደሉን ሳይሆን ትዝታችንን ነው። ፊደል የማያነብ የትዳር ጓደኛ ግን የሚመለስበት ትዝታ የለውም። ያለው በስልኩ ላይ የመጣው ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሉ ከተለወጠበት ቃሉም የተለወጠ ይመስለዋል። ጀርመናዊው ባል ያደረገው ስህተት አልነበረም። በሚያውቀው ቋንቋ ሁለት ዓይነት የተጻፈ ነገር በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው።

ይህ መዘበራረቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት አንድ ቃል ፈታ አድርጌ ልቁጠር። «እወድሻለሁ» ስድስት ፊደል ናት። እ በ e ወይም በ i ትጻፋለች። ወ ደግሞ we ወይም wo ትሆናለች፤ ከወ ጋር የሚመጣው አናባቢ ከንፈር ስለሚያሞጠሙጥ ብዙ ሰው ዎ ሆኖ ይሰማዋል፤ ለዚህ ነው ወልዴ የሚባሉ ሰዎች ፓስፖርታቸው ላይ አንዳንዶቹ Welde፣ ሌሎቹ Wolde የሚሆኑት። ድ ሦስት መንገድ አላት፦ d፣ di እና de። ሻ አትከራከርም፤ sha ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ለሁ» ግን በአፋችን ስንት ዓይነት እንደምትወጣ አስቡት፤ lehu የሚል አለ፣ እንደሚሰማው lew የሚል አለ፣ ሀዋን ጨርሶ የሚውጥና leu የሚል አለ። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሦስት፣ ጊዜ ሦስት፤ 36 አጻጻፍ መጣ። ድ ጠብቃ ስለምትነበብ d ን የሚደርቡ ሰዎች አሉና እነሱን ስንጨምር 72 ይሆናል። አንዳቸውም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደሉም። ከ72ቱ ውስጥ ባል በአንድ ወር ስድስት ሰባቱን ቢያይ ምን ይፈረድበታል?

የጣጣው ሁሉ እናት አናባቢ ነው። እኛ ሰባት አናባቢ አለን፤ የላቲን ፊደል ያለው አምስት ነው። ሰባቱን በአምስት ስንጭን ሁለቱ የሚያድሩበት ያጣሉ፤ እነሱም የግዕዙ እና የሳድሱ ድምፅ ናቸው። ግዕዙን (ለ፣ ወ፣ ደ) በልማድ e ላይ እናሳድረዋለን። ሳድሱን (ል፣ ው፣ ድ) አንዴ e ላይ፣ አንዴ i ላይ እናስጠጋዋለን፤ አንዴም ጨርሰን እንጥለዋለን። ችግሩ e ቀድሞውንም ባለቤት አላት፤ ኃምሱ (ሌ፣ ዌ፣ ዴ) የሚኖርባት ቤት ናት። ስለዚህ በአማርኛ መልእክት ውስጥ e ስትመጣ አንባቢው ከሦስት ድምፆች አንዱን መገመት አለበት። «ልቤ» ብላችሁ lebe ብትጽፉ የመጀመሪያዋ e ሳድስ፣ ሁለተኛዋ ኃምስ ናት፤ ይህን የሚነግረው ምልክት ግን የለም። በዚያ ላይ ከ leba የምትለየው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። «ሌባዬ» መባልም በፍቅር አፍ ያምር ይሆናል፤ ግን አስቦበት ላለ ሰው ነው።

ኃምስ ቃል መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። የአማርኛ የቁልምጫ ቃላት ሲበዛ በኃምስ ነው የሚያልቁት፤ ማሬ፣ ሆዴ፣ ውዴ፣ ልቤ፣ ዓይኔ። እንግሊዝኛ ደግሞ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችን e በልማድ አያነባትም፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ለውጣ ዝም ትላለች። mare ብላችሁ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ብትልኩለት «ሜር» ብሎ ያነበዋል፤ በቋንቋው ሴት ፈረስ ማለት ነው። hode «ሆድ» ይሆናል፤ ይህ እንኳ ከአማርኛው ሆድ ሳይርቅ፣ የሚወደድ ሰው ሳይሆን የሚነፋ ሆድ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመጨረሻዋ e ላይ ጭረት ማድረግ፦ maré፣ hodé፣ wudé። ማንኛውም ስልክ e ላይ ጣትን ጫን አድርጎ ለቆየ ሰው é ን ያወጣለታል። እንግሊዞች ካፌ የሚለውን ቃል ከፈረንሳይኛ ሲወስዱ ያችን ጭረት አብረው ስለወሰዱ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። «የላቲን ፊደል» የሚባል አንድ ነገር የለም። ጎረቤታችንን ጅቡቲን እንውሰድ። ፈረንሳዮች Djibouti ይሏታል። ጀርመኖች Dschibuti፣ ጣሊያኖች Gibuti ብለው ይጽፏታል። አገሪቱ አንድ፣ ድምፁ አንድ፣ ፊደሉም ላቲን ነው፤ አጻጻፉ ግን ሦስት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሕዝብ ፊደሉን በራሱ አፍ ነው የሚያነበው። እኛ በላቲን ስንጽፍ ሳናስተውለው የምንጽፈው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ነው። ወዳጄ «የኔ ቆንጆ» ብላ yene konjo ስትል ጀርመናዊ ባሏ j ን እንደ «የ» ስለሚያነባት «ኮንዮ» ይላል። በ w የጀመረውን ሁሉ በ«ቨ» ይጀምራል፤ wudé «ቩዴ» ሆና ትወጣለች። gn ን ደግሞ ሁለት ፊደል አድርጎ ይቆርሳታል፤ nafkehegnal «ናፍኬሄግ-ናል» ትሆናለች። ያው gn ጣሊያናዊ ወይም ፈረንሳዊ ዘንድ ብትደርስ ልክ እንደ ኝ ትነበባለች፤ ላዛኛ የሚባለውን ምግብ ጣሊያኖች በ gn ነው የሚጽፉት። በተቃራኒው ch ን ፈረንሳዊ «ሸ»፣ ጣሊያናዊ «ከ» ብሎ ያነባታል። እና ለትዳር ጓደኛ ከመጻፍ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «አማርኛው እንዴት ይጻፋል?» ሳይሆን «የሚያነበው ሰው በምን ቋንቋ ነው ማንበብ የተማረው?» የሚለው ነው።

አናባቢው በጆሮ ይታረማል፤ ተነባቢው ግን ትርጉም ይገለብጣል። በመልእክት ከምንለዋወጣቸው ቃላት ሁሉ ተወዳጇ «ጠፋሽ!» ናት። በላቲን tefash ትሆናለች። ፊደል የማያነብ ባል ያችን ቃል ከሚስቱ ጓደኞች መልእክት ላይ ይማርና አንድ ቀን አማቱ ዘንድ ስልክ ሲደውል ሞቅ አድርጎ «ተፋሽ!» ይላል። አማት ማን ማንን እንደተፋ ለማጣራት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። (ለአማት «ጠፉ» ነው የሚባለው፤ ሁለት ስህተት በአንድ ቃል።) ላቲን ተ እና ጠን አይለይም፤ ከ እና ቀን፣ ቸ እና ጨን አይለይም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ ትንፋሽ ታፍኖ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተፈንጥረው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። አውሮፓውያን ቋንቋዎች በአብዛኛው ስለሌሏቸው ፊደልም አላበጁላቸውም።

ይህን ልዩነት በጽሑፍ ለማስረዳት ከመድከም ቁራጭ ስስ ወረቀት ማንሳት ይሻላል። ወረቀቱን ከአፍ ፊት አንድ ስንዝር ከማይሞላ ርቀት ላይ ይዞ የእንግሊዝኛ ወይም የጀርመንኛ ተናጋሪ በቋንቋው t ብሎ የሚጀምር ቃል ሲናገር ወረቀቱ ይወዛወዛል፤ ከድምፁ ጋር ትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። እናንተ «ጠ» ስትሉ ወረቀቱ ዝም ይላል ወይም እምብዛም አይነቃነቅም። ባልየው ወረቀቱን ሳያነቃንቅ ጠንካራ ት ማውጣት እስኪችል ይሞክር፤ ያኔ ጠን አገኛት ማለት ነው። ከዚያ በጽሑፉ ላይ አንድ ምልክት ይበቃል፤ ለምሳሌ ነጠላ ጭረት፦ t'efash፣ bet'am። ለቀ ደግሞ q የምትባል ሥራ ፈት ፊደል አለች። qonjo፣ fiqir ብሎ መጻፍ ሁለት ጥቅም አለው፤ ቀን ከከ ይለያል፤ ደግሞም q ለብቻዋ ስትቆም የውጭ አንባቢ «ይህቺ የማላውቃት ድምፅ ናት» ብሎ ይጠነቀቃል። k ን ሲያይ ግን የሚያውቃት ስለሚመስለው ሳይጠነቀቅ ያልፋል። የኔ ምርጫ q ናት።

መጥበቅና መላላት የፊደላችንም የቆየ ጉድለት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አለ፣ ይገኛል ማለት ነው፤ በፊደል ግን አንድ ናቸው። እኛ ከአገባቡ እንለየዋለን፤ እንግዳው አይለየውም። «እወድሻለሁ» ውስጥ ድም ለም ጠብቀው ይነበባሉ። እነሱን አላልቶ የሚናገር ሰው ይገባናል፤ ግን ወዲያው «ፈረንጅ ነው» እንላለን። እዚህ ላይ ላቲን ከፊደል የሚሻልበት አንድ አጋጣሚ ተገኘ፤ ተነባቢውን መደረብ ይችላል። እኔ ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የበለጠ የሚሠራው ቃሉን በየቀለሙ በሰረዝ መከፋፈል ነው፦ i-wed-di-shal-le-hu። አንባቢው wed ላይ ቆሞ di ብሎ ሲቀጥል ድ ሳያውቀው ይጠብቃል። ሌላም ጥቅም አለው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ተናጋሪ ረጅም ቃል ሲያይ አንዱን ቀለም አግንኖ ሌሎቹን ይውጣል፤ አማርኛ ግን ቀለሞቹን ከሞላ ጎደል በእኩል ይረግጣል። ሰረዙ እያንዳንዱን ቀለም ድርሻውን ይሰጠዋል።

አሁን ደግሞ ከአጻጻፍ የሚብሰው ነገር ላይ ደረስን። ወዳጄ ለባሏ ewedihalehu ብላ ትልካለች። ባል ቃሉን ወዶት ለሷም መልሶ ewedihalehu ይላታል። ሚስቱን እንደ ወንድ እየጠራ መሆኑን አያውቅም፤ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም የተባለውን ያንኑ መልሶ ማለት ምንም ስህተት የለውም። በአማርኛ ግን «አንተ» እና «አንቺ» ግሡ ሆድ ውስጥ ነው የተቀመጡት። ላቲን ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ በ sha እና በ ha መካከል ያለችው አንዲት s ብቻ ናት። ጣት ሲቸኩል s ከተዘለለች «እወድሻለሁ» «እወድሃለሁ» ሆነች። «ናፍቀሽኛል» እና «ናፍቀኸኛል» ላይም ያው ነው። ከዚህ በላይ «ናፍቀሽኛል» የሚለው ቃል አሠራሩ ራሱ ለውጭ ሰው ግልብጥ ነው፤ ባለቤቱ የናፈቀው ሰው ሳይሆን የተናፈቀችው ናት። ሰውየው ከቃሉ ውስጥ «እኔ»ን ፈልጎ መጀመሪያው ላይ ያጣዋል፤ ያለው መጨረሻው አካባቢ ኛ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ስለዚህ የባልና ሚስት የቃላት ዝርዝር አንድ ዓምድ ሳይሆን ሁለት ዓምድ ያስፈልገዋል፦ «እሷ ለሱ የምትለው» እና «እሱ ለሷ የሚለው»። ጀርመናዊው ደብተር ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ የሚገዛ አንድ ሕግ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ፤ ያውም ብዙ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የቦታ ስም ቦርዶች ለካርታ ሥራ የተስማሙበት የአማርኛ አጻጻፍ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በዚያ ሥርዓት ግዕዝ e፣ ኃምስ ē፣ ሳድስ i ነው፤ አዲስ አበባ Ādīs Ābeba ተብላ ትጻፋለች፤ የኛ ቃል iwedishalehu ትሆናለች። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ላይ በዚግበርት ኡሊግ አዘጋጅነት ተጀምሮ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በሱ ቃሉ əwäddəšallähu ይሆናል። ለሊቅ ይህ ውብ ነው፤ አንድም ድምፅ አልጠፋም። ለፍቅረኛ ላኩትና የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይቺ የተገለበጠች e ምንድን ናት?» የሚል ነው።

ሦስተኛው ሥርዓት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ነው። ኮምፒዩተሮች የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በሚያውቁበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደልን በላቲን ቁልፎች ለመወከል ያዘጋጁት ነው። ስሙ በምህጻረ ቃል ሲጻፍ SERA ነው፤ በፊደል ሲጻፍ «ሴራ» ይሆናል፤ እንግዲህ ስም ይመራል አይባልም። ሴራ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፤ t ተ ናት፣ T ጠ ናት፤ c ቸ ናት፣ C ጨ ናት። ብልህ አሠራር ነው፤ የዛሬ ስልክ ግን የዓረፍተ ነገርን መጀመሪያ ሳይጠየቅ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር «ተስፋ» ብሎ ለጀመረ ሰው Tesfa አድርጎ ጠ ላይ ይጥለዋል።

እነዚህ ሦስቱ የተሠሩት ለካርታ፣ ለምርምርና ለመሣሪያ ነው። የሁሉም ዓላማ ከላቲኑ ተነስቶ ፊደሉን መልሶ ማግኘት ነው። የፍቅረኛ ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ከአፉ እንዲወጣ ነው የሚፈልገው። ፊደልን በፊደል መተካትና ድምፅን በፊደል መቅዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን በአንድ ቃል ውስጥ ሲያደባልቅ ነው። lehu ብሎ የጻፈ እጅ ፊደሉን ተከተለ፤ lew ብሎ የጻፈ ጆሮውን ተከተለ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሰኞ አንዱ፣ ሐሙስ ሌላው ሊሆኑ አይገባም።

በላቲን የመጻፍ ልማዳችን ከየት እንደመጣም መጠየቅ ተገቢ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስልኮች እስኪያነቡት ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት አልፈዋል። በመካከሉ አንድ ትውልድ ፍቅሩን በአጭር የስልክ መልእክት፣ በላቲን ጻፈ። በዚያን ጊዜ «ፊደል ውድ ነው» ይባል ነበር፤ አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ ከላቲን ውጭ ላለ ጽሑፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነውና። ሒሳቡን ስሠራው ግን ያን ያህል አልነበረም። ewedishalehu 12 ቁምፊ ናት፤ «እወድሻለሁ» 6። ከክፍት ቦታው ጋር በላቲን 12 ጊዜ፣ በፊደል 10 ጊዜ በአንድ መልእክት ይገባል። ልዩነቱ ሁለት «እወድሻለሁ» ነው።

ስለዚህ ለባልና ሚስት የማቀርበው ሐሳብ አንዱን የታወቀ ሥርዓት መውሰድ አይደለም። ጥቂት ውሳኔዎችን አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ይወስኑ፤ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ አይለውጡት። ወዳጄና ባሏ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ግዕዝን ä አደረጉት፤ ጀርመንኛ የራሱ ä ስላለው ለሱ አልከበደውም፤ ድምፁም ቅርብ ነው። ኃምስን é፤ ሳድስን በሚሰማበት i፣ በማይሰማበት ምንም። ኝን nj አሉት፤ ለጀርመናዊ j «የ» ስለሆነች ትክክል ይነበባል። ጅ dsch ሆነች፤ ጅቡቲ ላይ ያያት ስለሆነ ሰውየው ሳቀ እንጂ አልተቃወመም። ሽ sch። ለ w ግን አጻጻፉን ከማጣመም አንድ ማሳሰቢያ በቃ፦ «w እንደ እንግሊዝኛው ናት»። በዚህ መሠረት «እወድሻለሁ» i-wäd-di-schal-lä-hu ሆነች፤ «የኔ ቆንጆ» yäné qondscho። ሁለተኛዋን እንግሊዝኛ አንባቢ ቢያያት ይደነግጣል፤ ለሱ አልተጻፈችማ።

እያንዳንዱ ቃል በደብተሩ ላይ አራት መስመር ተሰጠው፦ ከላይ ፊደሉ፣ ቀጥሎ የተስማሙበት የላቲን አጻጻፍ፣ ቀጥሎ ትርጉሙ፣ ከታች ማን ለማን እንደሚለው። ድምፁን ሚስት በስልኳ ቀድታ ላከችለት። ፊደሉ ከላይ መቀመጡን ሰውየው መጀመሪያ ላይ እንደ ጌጥ ነው ያየው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» የሚለያዩት መሐል ላይ ባለች በአንዲት ፊደል እንደሆነ ራሱ አይቶ ጠቆመን፤ ha እና scha አልታዩትም ነበር፤ ሃ እና ሻ ግን ታዩት። እነዚያ አራት ናፍቆቶች በአንድ መስመር ተሰርዘው ከሥራቸው አንድ ብቻ ተጽፏል።

በነገራችን ላይ ንጹሕ መሆናችንን አንማል። በፊደልም ቢሆን «እወድሃለሁ»ን አንዱ በሃ፣ አንዱ በሀ፣ አንዱ በኻ ይጽፈዋል፤ «ዓይኔ» እና «አይኔ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። ላቲን እነዚህን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል። ከሁሉም በዚህ ብቻ አመሰግነዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም የመልሱ ጉዞ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ለፍቅረኛው ቀለበት ላይ በአማርኛ ሊያስቀርጽ ወይም ክንዱ ላይ ሊነቀስ ይነሣል። እጁ ላይ ያለው ewedishalehu ነው። ያንን በአማርኛ የስልክ ቁልፍ ላይ እንዳለ ይጽፈዋል። d ብቻዋን ስትነካ ድ ትመጣለች፤ i ስትከተላት ግን ቁልፉ ዲ ያደርጋታል፤ «እወዲሻለሁ» ይወጣል። ቀራጩም ፊደል አያነብም፤ ያየውን ይቀርጻል። ወርቅ ላይ የገባች ዲ ደግሞ በቀላሉ ወደ ድ አትመለስም። ቀለበት ወይም ንቅሳት ያሰባችሁ ካላችሁ የላቲኑን ጽሑፍ ለማንም አትስጡ፤ አማርኛ የሚያነበው ሰው ስድስቱን ፊደላት በእጁ ጎላ አድርጎ ይጻፍና ቀራጩ ከዚያ ወረቀት ላይ ይገልብጥ፤ ሥራው ሲያልቅም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ያው ሰው ያንብበው።